ከፎቶ ላይ በተነበበ የቅናሽ ዋጋ ለአራት ሰው የሳምንት ምግብ ማውጣት (ደሴ)

ትርሲት ዘሆጤ
ጥቅምት 6፣ ምሽት

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር እስከ ጥቅምት 12 የሚቆይ የዋጋ ቅናሽ ወረቀት አውጥቶ፣ ጎረቤቴ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልኛለች። ቤታችን ውስጥ አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አንድ የስምንት ዓመትና አንድ የአምስት ዓመት ልጅ። ከዚህ ወረቀት ተነስቼ በተቻለ መጠን በትንሽ ገንዘብ፣ ነገር ግን የልጆቹ ምግብ ሳይጓደል፣ የአንድ ሳምንት ምግብ ማውጣት እፈልጋለሁ።

ከፎቶው ማንበብ የቻልሁት ይህን ነው። ፉርኖ ዱቄት 5 ኪሎ ከ500 ወደ 450 ብር፣ ፓስታ ባለ 500 ግራም ከ70 ወደ 55፣ ሩዝ 5 ኪሎ ከ680 ወደ 600፣ አተር ክክ ኪሎው ከ165 ወደ 150፣ ምስር ክክ ከ210 ወደ 190፣ ሽሮ 120፣ ዘይት አምስት ሊትሩ 1,400 እና አንድ ሊትሩ ከ290 ወደ 265፣ የዱቄት ወተት 400 ግራም ከ700 ወደ 520፣ ቱና አንዱ ጣሳ 180። ሠላሳ እንቁላል የያዘው ትሪ ከ510 ወርዷል፤ አዲሱ ዋጋ ግን 430 ይሁን 480 ፎቶው ስለደበዘዘ አይለይም። እኔ ትልቅ ቅናሽ ያለበትን በማስቀደም ከዱቄት ወተቱ ልጀምርና ሽሮውንም በርከት አድርጌ ልይዝ አስቤአለሁ። ስሌቱን የምታውቁ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።

ሰይድ ከኮምቦልቻ
ጥቅምት 6፣ ምሽት

ወገኖቼ፣ እኔ ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ባለ አንድ ሊትሩ ዘይት በ265 ከሆነ እዚህ ከምረከብበት ዋጋ ስለሚያንስ፣ ሁለት ካርቶን ያህል ወስጄ ብሸጥ ያዋጣኛል ወይ? ወረቀቱ ላይ ለነጋዴ አይሸጥም የሚል ጽሑፍ ካለ ንገሩኝ።

ኢዮብ መ.
ጥቅምት 6፣ ምሽት

ሰይድ፣ እህታችን የጠየቀችው ስለ ቤት ፍጆታ ነው፤ ሆኖም ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ከዘይቱ ሥር በደቃቅ ፊደል «ለአንድ ደንበኛ 2 ብቻ» የሚል አለ።

ትርሲት፣ የቅናሹን መቶኛ ተዪው፤ እርሱ መደብሩ ከራሱ የድሮ ዋጋ ላይ ምን ያህል እንደቀነሰ ብቻ ነው የሚነግርሽ። እያንዳንዱን ዕቃ በኤክሴል አስገብተሽ የሺህ ካሎሪ ዋጋውን አውጪ። አምድ B ላይ ዋጋውን፣ አምድ C ላይ በእሽጉ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ካሎሪ ካስገባሽ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=B2/C2*1000
```

በዚህ ስሌት ፉርኖው ወደ 25 ብር፣ ፓስታው 30፣ ሩዙና ዘይቱ 33 ገደማ ይመጣሉ። ከዚያ ሶልቨር የሚባለውን መሣሪያ ከፍተሽ «የሚያስፈልገን ካሎሪና ፕሮቲን ይሙላ፣ ወጪው ግን ትንሹ ይሁን» ብትዪው መልሱን ራሱ ያወጣልሻል። ዛሬ ማታ ሠርቼ አመጣዋለሁ።

አስካለ ሥነ ምግብ
ጥቅምት 7፣ ጠዋት

እህት ትርሲት፣ ከስሌቱ በፊት ንባቡ መጥራት አለበት፤ በአንድ አኃዝ ስህተት የጠቅላላው ዝርዝር ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይችላልና። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ስለሚጨምቀው ደቃቁ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ጎረቤትሽ ያንኑ ምስል በፋይል መልክ ብትልክልሽ ብዙው ነገር ይነበባል። እስከዚያው ግን በወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይፈታተሻሉ። በእንቁላሉ ሥዕል ጥግ ያለችው ቀይ ክብ ውስጥ «6%» የሚል ይታየኛል። ከ510 ወደ 480 መውረድ ስድስት በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 430 ቢሆን ኖሮ አሥራ ስድስት በመቶ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ትሪው 480፣ አንዱ እንቁላል 16 ብር ነው። መቶኛው ባልተጻፈበት ዕቃ ላይ ጥርጣሬ ከገባሽ ሁልጊዜ በከፍተኛው ዋጋ አስቢ፤ ቆይቶ ርካሽ ሆኖ ቢገኝ አይጎዳሽም።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። ሽሮው 120 ብር ያልሽው የግማሽ ኪሎ ዋጋ ነው። ክኮቹ በኪሎ ስለተጻፉ ዓይን ሽሮውንም በኪሎ ያነበዋል፤ በኪሎ ሲሰላ ግን 240 ብር ሆኖ ከአተር ክኩ በ90 ብር ይበልጣል። ቅመሙ ያለበት ምጥን ሽሮ መሆኑን ባልክድም፣ በርበሬ ቤትሽ ካለ አተሩን ማስፈጨቱ ይሻላል። በዘይቱ ደግሞ የተለመደው ነገር ተገልብጧል። አምስት ሊትሩ በሊትር 280 ሲመጣ ትንሹ ጠርሙስ 265 ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ደግሞ ለአራት ሰው ከሳምንት በላይ ይበቃል።

አሁን ወደ ዱቄት ወተቱ። በወረቀቱ ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ ቅናሽ እርሱ ነው፤ ሃያ ስድስት በመቶ ገደማ። ነገር ግን 400 ግራም ሲበጠበጥ ከሦስት ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ሊትሩ 170 ብር ገደማ ይሆናል። ሆጤ ላይ የላም ወተት በስንት ትገዣለሽ? መቶ ብር አካባቢ ከሆነ፣ ያልተቀነሰው ወተት የተቀነሰውን ይረታል። የቅናሽ ወረቀትን ከራሱ የድሮ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከሸዋ በር ገበያ ዋጋ ጋር ማመዛዘን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ትርሲት ዘሆጤ
ጥቅምት 7፣ ቀትር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህት አስካለ። ወተቱን ከጎረቤት በ100 ብር ነው የምወስደው። ሽሮውን በግማሽ ኪሎ መሆኑን ፈጽሞ አላየሁትም ነበር። የሸዋ በር ዋጋ ዛሬ ጠይቄ፦ ጤፍ ከነወፍጮው ኪሎው 150፣ ማሽላ 80፣ ድንች 35፣ ሽንኩርት 60፣ ሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን ሠላሳ ሠላሳ፣ ካሮት 40፣ ቲማቲም 50 ብር ነው። በአሁኑ ጊዜ የጽጌን ጾም ስለምጾም እኔ እስከ ኅዳር 5 እንቁላልና ወተት አልቀምስም፤ ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ይጾማል፣ ልጆቹ ገና አልጀመሩም።

ኢዮብ መ.
ጥቅምት 7፣ ምሽት

የሶልቨሩ ውጤት እነሆ። ለአራታችሁ በቀን 7,600 ካሎሪ፣ በሳምንት 53,000 ያህል፣ ፕሮቲን ደግሞ 1,100 ግራም ብዬ አስገባሁ። በወረቀቱ ዋጋ ብቻ ሲሠራ የመጣው መልስ አሥራ አራት ኪሎ ተኩል ፉርኖ ዱቄት ነው፤ ዋጋው 1,310 ብር ገደማ። የገበያውን ዋጋ ስጨምርለት ሁሉንም ትቶ ወደ አሥራ ስድስት ኪሎ ማሽላ ዞረና ጥቂት ብር ቀነሰ። አትሳቁ፣ ፕሮቲኑም ሞልቷል፤ እንዲያውም ተርፏል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ስቲግለር የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ይህንኑ ጥያቄ ለ77 ምግቦችና ለዘጠኝ ንጥረ ነገሮች አንስቶ፣ በ1939 ዋጋ አንድ ሰው ዓመቱን በ39 ዶላር ከ93 ሳንቲም ሊኖር እንደሚችል በእጅ ስሌት ደርሶበታል። በ1947 የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ዳንዚግ ባወጣው ስልት በትክክል ሲሰላ የተገኘው ልዩነት 24 ሳንቲም ብቻ ነበር። የእርሱም ምግብ የስንዴ ዱቄት፣ የጣሳ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ደረቅ ባቄላ ነበር። ስለዚህ ዱቄት መምጣቱ ስሌቱ ትክክል መሆኑን ያሳያል ባይ ነኝ።

አስካለ ሥነ ምግብ
ጥቅምት 8፣ ጠዋት

ወንድሜ ኢዮብ፣ ስሌትህ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ስቲግለር ጎመንና ወተት ያገኘው ቪታሚን ኤና ሲን፣ ካልሲየምንም ስለጠየቀ ነው። አንተ ሁለት ነገር ብቻ ስለጠየቅህ መሣሪያው ሁለቱን ብቻ ሰጠህ። አንድ ነገር ግን በትክክል አሳይተሃል፤ እህል በሚበላ ቤት ካሎሪው ከሞላ የፕሮቲኑ መጠን አብሮ ይሞላል። ሰው ሁሉ ስለ ፕሮቲን ሲጨነቅ በእኛ ገበታ ላይ መጀመሪያ የሚጎድለው ሌላ ነው።

የእህሉ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ክፍል ያንሰዋል፤ አተርና ምስር ይህ በብዛት ስላላቸው እንጀራ በክክ ወጥ ሲበላ ጉድለቱ ይካካሳል። ስለዚህ «ጥራጥሬ በሳምንት ከ2 ኪሎ አይነስ» የሚል ገደብ አስገባ። አተር ክክ በዚህ ዋጋ አሥር ግራም ፕሮቲን በስድስት ብር ተኩል ሲሰጥ፣ ምስሩ ወደ ስምንት፣ እንቁላሉ ሃያ ሰባት፣ ቱናው ከስልሳ በላይ ይጠይቃሉ። ቱናውን በዚሁ እርሱት። ቀጥሎ ሐበሻ ጎመን 2 ኪሎ፣ ጥቅል ጎመን 2 ኪሎ፣ ካሮት ኪሎ ተኩል፣ ቲማቲም 1 ኪሎ በግድ ይግቡ፤ ቪታሚን ኤ የሚመጣው ከሐበሻ ጎመኑና ከካሮቱ ነው፤ ያለ ዘይት ደግሞ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ከእነዚህ አንዳቸውም በቅናሽ ወረቀቱ ላይ የሉም። ወረቀቱ የሚያረክሰው ካሎሪውን ነው፤ ሚዛኑ የሚገኘው ከጉሊት ነው።

በዚህ ገደብ ያወጣሁት ዝርዝር ይህ ነው። ለእንጀራ ጤፍ 3 ኪሎና ማሽላ 3 ኪሎ፣ 690 ብር። ፉርኖ 3 ኪሎ ለዳቦና ለቂጣ፣ 270። ሁለት እሽግ ፓስታ 110፣ ሁለቱ ክክ አንድ አንድ ኪሎ 340፣ አንድ ሊትር ዘይት 265። ድንች 3 ኪሎ 105፣ ሽንኩርት 2 ኪሎ 120፣ የተቀሩት አትክልቶች በድምሩ 230፣ አሥር እንቁላል 160። ሁሉም 2,290 ብር ይመጣል፤ የሚላጠውና የሚጣለው ተቀንሶም ከ53,000 ካሎሪ አይወርድም። በርበሬ፣ ጨው፣ ቡናና ከሰል አልገቡበትም።

የቀኖቹ ድልድል ቀላል ነው። ረቡዕና ዓርብ ምስሩና አተሩ ከጎመን ጋር፣ ሰኞና ሐሙስ ድንችና ካሮት በአተር ክክ፣ ማክሰኞ ምሳ ፓስታ በቲማቲም። ጥቅል ጎመኑን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አቆዩት፤ ሐበሻ ጎመን ግን በሁለት ቀን ይጠወልጋልና ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይገዛ። ጎመኑን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ቪታሚን ሲውን አብሮ መድፋት ስለሆነ፣ በትንሽ ውሃ ክዳኑን ገጥሞ ማብሰል ይሻላል። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብለው ቢጠጡ የጤፉና የምስሩ ብረት አይባክንም።

እትዬ ዘሃራ
ጥቅምት 8፣ ቀትር

ልጆቼ፣ ስሌታችሁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማሽላን ከጤፍ እኩል ለእኩል ስታደርጉ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሰባበራልም። ልጅ የደረቀ እንጀራ ገፍቶ ይነሣል፤ የተጣለ እንጀራ ደግሞ ከየትኛውም ዋጋ ይከፋል። እኔ ሁለት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ማሽላ አቦካለሁ፤ ማሽላውም ነጩ ዓይነት ሲሆን ነው። ማሽላው በአሁኑ ወቅት ውድ ነው፤ የቃሉ ማሽላ ኅዳር ላይ መግባት ሲጀምር ዋጋው ይወርዳልና ያን ጊዜ ብታበዙት ይሻላል። ጎመን ደግሞ ወደ ማምሻው ሸዋ በር ብትወርዱ ሻጮቹ ይዘውት ላለመመለስ ይቀንሱላችኋል፤ ይህን ወረቀት ላይ አታገኙትም።

ኢዮብ መ.
ጥቅምት 8፣ ቀትር

እትዬ ዘሃራ፣ ባሉት መሠረት ጤፉን 4 ማሽላውን 2 ኪሎ ሳደርገው 70 ብር ብቻ ነው የሚጨምረው። ካሎሪውም ብዙ አይለወጥም። እኔ ግን አሁንም ጤፉ ለምን በግድ እንደገባ አልገባኝም፤ ሺህ ካሎሪው 41 ብር ነው፣ ከፉርኖው በእጅጉ ይበልጣል።

ትርሲት ዘሆጤ
ጥቅምት 8፣ ምሽት

ኢዮብ፣ ቤታችን ያለ እንጀራ ሳምንት አያልፍም፤ እንጀራ የማይኖርበት ዝርዝር ሰኞ ተጀምሮ ማክሰኞ ይተዋል።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። አንደኛ፣ 2,290 ብር ይበቃል ተብሎ መደብር ስሄድ ዱቄቱ በ5 ኪሎ ከረጢት፣ እንቁላሉም በሙሉ ትሪ እንጂ ተከፍሎ አይሸጥም። ስለዚህ ከእጄ የሚወጣው በዱቄቱ 180፣ በእንቁላሉ 320 ብር ጨምሮ 2,790 ይሆናል፤ የእትዬ ዘሃራ ጤፍ ሲታከልበት 2,860። ሁለተኛ፣ አሥር እንቁላል ለሁለት ልጆች ይበቃል ወይ? ሥጋ አላስገባችሁም፣ ባለቤቴም ጠይቆኛል።

አስካለ ሥነ ምግብ
ጥቅምት 9፣ ጠዋት

የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሳምንቱ ፍጆታና የዕለቱ ክፍያ ተለያይተው መጻፍ አለባቸው። ዱቄቱ ስለማይበላሽ የተረፈው 2 ኪሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። እንቁላሉን ግን ያለ ማቀዝቀዣ ለረጅም ጊዜ ለማቆየት አልደፍርም፤ የደሴ ብርድ ቢረዳም፣ ትሪውን ከጎረቤትሽ ጋር ብትካፈሉት 240 ብር ታስቀሪያለሽ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ቪታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ጤፉም ጎመኑም አይሰጡትም። ልጆቹ በሳምንት አምስት አምስት እንቁላል ቢበሉ የሚያገኙት ከሚያስፈልጋቸው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ወተት የዕለቱን ፍላጎት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ካልሲየሙም አብሮ ይመጣል። ለሁለቱ በሳምንት ሦስት ሊትር ተኩል ማለት 350 ብር ነው። ውድ ነው፤ ከጠቅላላው ዝርዝር ከጤፉ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ይሆናል። አቅሙ ካልፈቀደ ወተቱን በየሁለት ቀኑ አድርጊና የተካፈልሽውን ትሪ ግማሽ፣ አሥራ አምስቱንም እንቁላል፣ ለልጆቹ ስጪ። ወተቱ ይፍላ። ሥጋውን በዚህ ገንዘብ ማስገባት አልችልም፤ ባለቤትሽ ከጾም ቀን ውጭ ከልጆቹ እንቁላል ሳይቀንስ የራሱን ቢጨምር ይበጃል። አንቺ ደግሞ ጾሙ እስኪያልቅ ካለሽ ክምችት ትኖሪያለሽ፤ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቢ ከሆንሽ ግን ይህን ምክር አትቀበዪ፣ ጤና ጣቢያ ጠይቂ።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል። የእኔ ዝርዝር ሽንኩርቱን ጨምሮ 300 ግራም አካባቢ ነው የሚደርሰው። ገንዘብ ከተረፈ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ይሁን፤ የእትዬ ዘሃራ የማምሻ ጎመን እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ሰይድ ከኮምቦልቻ
ጥቅምት 9፣ ቀትር

እኔ ለሁለት ጠርሙስ ዘይት ደሴ አልወጣም፤ መሳፈሪያው ትርፉን ይበላዋል። ነገር ግን የትርሲትንም ቁጠባ አሰላሁት። ከወረቀቱ የምትገዛው ፉርኖ፣ ሁለት ፓስታ፣ ሁለቱ ክክ፣ አንድ ዘይትና ትሪው በጠቅላላ ከድሮው ዋጋ የሚቀንሱት 170 ብር ነው። በኮንትራት ባጃጅ ሄዳ ብትመለስ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። እኛ ሰፈር ደግሞ ወረቀት የማያወጣ ባለሱቅ ክኩን ከዚያ «ከተቀነሰው» ዋጋ በታች ይሸጣል፤ ሆጤም እንዲህ ያለ አይጠፋምና ጠይቂ።

ኢዮብ መ.
ጥቅምት 9፣ ምሽት

ወተቱን፣ የተካፈሉትን ትሪና የእትዬ ዘሃራን ጤፍ ይዤ ሶልቨሩን እንደገና አስኬድሁት። የሳምንቱ ፍጆታ 2,710 ብር ወጣ፣ የዕለቱ ክፍያ ከወተቱ ጋር 2,970። ገደቦቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ስሞክር ብዙ ገንዘብ የሚመልሰው የወተቱ ነው፤ የጎመኑን ብናነሣ የሚተርፈው ከምንም አይቆጠርም። ሩዙ ግን በዚህ ቅናሽም አልገባም፤ ኪሎው ከ90 ብር በታች ካልወረደ ፉርኖውን አያስለቅቀውም።

ትርሲት ዘሆጤ
ጥቅምት 10፣ ጠዋት

ትሪውን ከጎረቤቴ ጋር ልንካፈል ተስማምተናል፤ መደብሩ በመንገዴ ላይ ስለሆነ ባጃጅ አልይዝም። ወተቱን በየቀኑ ወይስ በየሁለት ቀኑ የሚለውን ከባለቤቴ ጋር ገና አልቆረጥንም። የፎቶው ፋይልም ደርሶኛል፤ በትልቁ ሲታይ የምስሩ ዋጋ ሥር «ከጥቅምት 9 ጀምሮ» የሚል አለ፤ ሌላው ዕቃ ግን ቀድሞ ነው የጀመረው። የክኩን ዋጋ ሰፈር ካለው ባለሱቅ ጠይቄ እጽፍላችኋለሁ።

እትዬ ዘሃራ
ጥቅምት 10፣ ቀትር

አተሩን ስትገዢ ከእሽጉ ሥር የወረደውን ብናኝ እይው፤ ነቀዝ የነካው ከሆነ ዱቄት ይበዛበታል፣ ክኩም ይበሳሳል። በቅናሽ የሚወጣ ክክ አንዳንዴ የከረመ ነው፤ የከረመ ደግሞ ቶሎ አይበስልምና ከሰሉን ይፈጅብሻል።